እጀታው ይዞራል፣ በሩ ግን አይከፈትም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡናዬን ገና አልጨረስኩም። ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ በሬን ደበደቡት። «ልጄ፣ ድረስልኝ! ሕፃኑ መታጠቢያ ቤት ተዘግቶበታል!» አሉ። ሕፃን የሚሉት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ነው። ተከትያቸው ወጣሁ። ልጁ ከውስጥ ያለቅሳል። እሳቸው ከውጭ እጀታውን ወደ ታች ይጫኑታል፣ እጀታው ግን ዝም ብሎ ይዞራል። የቁልፉ ምላስ ንቅንቅ አይልም።

«ቆልፎት ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ አልቆለፈውም፤ የዚህ በር ቁልፍ ከጠፋ ዓመቱ። ደግሞ እኮ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ያሠራሁት! ሰውዬው አንዲት ብሎን አጥብቆ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።»

ነገሩ ገብቶኛል። ብሎኗን ያጠበቀው ሰው አልዋሸም፤ ብሎኗ በእርግጥ ላልታ ነበር። ግን ለምን እንደላላች አላየም። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚህ ነው። እጀታ ሲሽከረከር አብዛኛው ሰው ወይ ብሎኗን ያጠብቅና ይረሳዋል፣ ወይ ደግሞ ሙሉውን ቁልፍ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስህተት ነው።

መጀመሪያ፦ ሰው ተዘግቶበት ከሆነ

በሩ ክፍት ከሆነ ይህን እለፉት። ዝግ ከሆነና ከውስጥ ሰው ካለ ግን እጀታውን ደጋግሞ ማሽከርከር ዋጋ የለውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ካቻቢቴ ይዛችሁ በእናንተ በኩል ያለውን እጀታ ከነመቀመጫው ፍቱ። ሲወጣ በሩ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይታያል። ከቀዳዳው የወጣ አራት ማዕዘን ብረት ካለ ዕድለኛ ናችሁ፦ በፒንሳ አጥብቃችሁ ያዙት፣ እጀታው ወደሚጫንበት አቅጣጫ አዙሩት፣ ምላሱ ይገባል፣ በሩ ይከፈታል። ብረቱን ወደ ውስጥ እንዳትገፉት ብቻ ተጠንቀቁ። በወዲያኛው በኩል ያለው እጀታ ላልቶ ከሆነ ብረቱ ተንሸራቶ እዚያ ማዶ ይወድቃል።

እትዬ ቤት ብረቱ በእኛ በኩል አልደረሰም ነበር። በስልክ ባትሪ ሳበራ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ይታየኛል። ልጁ እጀታውን ወደ ራሱ ስቦ ብረቱን አብሮ ወስዶታል። እንዲህ ሲሆን ሰፊ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይበቃል። ቀዳዳው በየጎኑ 8 ሚሊ ነው፣ ከጥግ ወደ ጥግ ግን 11 ሚሊ ገደማ ስለሚሆን 9 ወይም 10 ሚሊ ስፋት ያለው ካቻቢቴ በሰያፍ ይገባና ይይዛል። አስገብቼ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ጠቅ አለ። ልጁ ወጣ፣ አያቱን አቀፈ፣ እኔን አላየኝም።

ከዚህ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በሩ ሥር ጫማ አስገቡ። የቀልድ እንዳይመስላችሁ። እጀታው ወልቆ ሳለ ንፋስ በሩን ቢዘጋው እንደገና እዚያው ናችሁ።

ጉልበቱ የት ጋ ነው የሚጠፋው?

የበር እጀታ ቅብብሎሽ ነው። እጃችሁ እጀታውን ያዞራል። እጀታው አራት ማዕዘን ዘንጉን ያዞራል። ዘንጉ በሩ ውስጥ ከተቀበረው የቁልፍ ሣጥን እምብርት፣ ማለትም አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ውስጥ ያልፋል። እምብርቱ ምላሱን ይስበዋል። እጀታው ሲዞር ምላሱ ካልተንቀሳቀሰ ከነዚህ መገናኛዎች በአንዱ ላይ ጉልበቱ ፈስሷል ማለት ነው። ሥራችሁ የትኛው እንደሆነ ማግኘት ነው፣ ሌላው ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በጣም አጭር ነው። ሁለቱንም እጀታዎች አውልቁ። ዘንጉን ብቻ እምብርቱ ውስጥ አስገብታችሁ በፒንሳ አዙሩት። ምላሱ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ስትለቁት ተስፈንጥሮ ከተመለሰ የቁልፍ ሣጥኑ ጤነኛ ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ አዲስ ቁልፍ አትግዙ። ዘንጉ እምብርቱ ውስጥ ባዶውን የሚዞር ወይም በሰፊው የሚወዛወዝ ከሆነ ግን እምብርቱ ተበልቷል ወይም ተሰንጥቋል። እሱ አይጠገንም፣ ሣጥኑ ይቀየራል።

ሁለተኛው ፈተና እጀታውን ይመለከታል። ዘንጉን በአንድ እጃችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ እጀታውን እላዩ ላይ ሰክታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ትንሽ መወላገድ የተለመደ ነው። ተንሸራትቶ ከዞረ ግን ወይ የዘንጉ ማዕዘኖች ክብ ሆነዋል፣ ወይ የእጀታው ቀዳዳ ሰፍቷል። የቱ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ዘንጉ የብረት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከለስላሳ ቅይጥ የተሠራው እጀታ ነው። ርካሽ እጀታ በእጅ ሲያዝ ቀለል ይላል፣ ሲሰበር ውስጡ ግራጫና ቅንጣት ቅንጣት ነው። ቀዳዳው አንዴ ክብ ከሆነ እጀታውን ቀይሩት። ከጣሳ ላይ የተቆረጠ ቀጭን ቆርቆሮ ዘንጉ ላይ ጠቅልሎ መስካት ይሠራል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ግን እስከ ደሞዝ የሚያደርስ እንጂ የሚዘልቅ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤቱ ዋና በር ላይ የውጭው እጀታ ምላሱን ባያንቀሳቅስ ብልሽት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ የውጭ በሮች ዘንጋቸው መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለና እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው የሚዞር ነው፤ ከውጭ በቁልፍ ብቻ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ። እንዲህ ያለውን ዘንግ በሙሉ ዘንግ ብትተኩት በራችሁ ላልተጠራ እንግዳ ሁሉ ይከፈታል።

ትንሿ ብሎን

በእጀታው አንገት ሥር፣ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ባለው ጎን፣ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እዚያ ውስጥ ጭንቅላት የሌላት ብሎን ተቀብራለች። የምትዞረው በአለን ቁልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ይይዛታል፣ ትናንሾቹን 2.5። በልክ የማይገባ ቁልፍ አትጠቀሙ፤ ስድስት ማዕዘኗ ከተበላ ለማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንዱ እጀታ ላይ ብሎኗ በአንድ በኩል ብቻ ነው ያለችው። ጭራሽ የሌለውም አለ፦ እጀታው በመቀመጫው ላይ በቀለበት የታሰረ ሲሆን ዘንጉ በሁለቱ እጀታዎች መካከል ነፃ ሆኖ ይቀመጣል።

የብሎኗ ሥራ እጀታውን ከዘንጉ ጋር ማሰርና ዘንጉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ መያዝ ነው። የሚያዞረው አራት ማዕዘኑ ነው። ይህን ካልተረዳን ብሎኗን እስክትሰበር እናጠብቃለን። ብሎኗ ስትላላ እጀታው ወዲያው አይሽከረከርም፤ መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። በሩን በሳባችሁ ቁጥር ዘንጉ በትንሽ በትንሹ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። አንድ ቀን በአንዱ በኩል ያለው እጀታ ዘንጉን ጫፉ ላይ ብቻ ይይዘዋል፣ ማዕዘኑን ይልጠዋል፣ ከዚያ ይዞራል። «ከውስጥ ይከፍታል፣ ከውጭ አይከፍትም» የሚባለው በሽታ ይኸው ነው።

ስታጠብቁ እንዲህ አድርጉ። እጀታውን ወደ በሩ ገፋ አድርጋችሁ ያዙ። ብሎኗ የምታርፈው በዘንጉ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ መሆን አለበት። ማዕዘኑ ላይ ካረፈች ስታጠብቋት የጠበቀች ትመስላለች፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ትንሸራተታለች። እያጠበቃችሁ እጀታውን ትንሽ ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት፣ ራሷ ቦታዋን ታገኛለች።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ብሎኗን አጥብቄ መልሼ እፈታታለሁ፣ ዘንጉን አወጣለሁ። ብሎኗ የነካችበት ቦታ ላይ ጭረት ይታያል። እዚያ ላይ በ4 ሚሊ መሰርሰሪያ አንድ ሚሊ ያህል ጎድጎድ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ የብሎኗ አፍ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዘንጉ መሸሽ አይችልም። ክሯ ላይ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ፣ ከሌለ የጥፍር ቀለም። የጥፍር ቀለሙ እንደ ማጣበቂያው ባይሆንም ይይዛል፣ ሲያስፈልግም ይፈታል። ሱፐር ግሉ ግን አትሞክሩ።

እትዬ ቤት በውጭ በኩል ብሎኗ ጭራሽ አልነበረችም። ቀዳዳው ባዶ ነው። ወለሉን ፈለግን፣ አጣናት።

ዘንጉን ለኩት

እዚህ ጋ ሜትር ያዙ። የእትዬ በር 40 ሚሊ ውፍረት አለው። ዘንጉ 85 ሚሊ ነው። መሃል ላይ ቢቀመጥ በየጎኑ 22 ሚሊ ይወጣል። ከዚያ ላይ የእጀታው መቀመጫ 7 ሚሊ ይወስዳል። እጀታው ውስጥ የሚገባው 15 ሚሊ ብቻ ነው የቀረው። ለአዲስ በር ይበቃል ሊባል ይችል ይሆናል። ዘንጉ 12 ሚሊ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ግን ውጭው እጀታ ውስጥ 3 ሚሊ ብቻ ቀረ። በ3 ሚሊ የተያዘ እጀታ አይከፍትም፣ ማዕዘኑን ይልጣል እንጂ።

የእጀታውን ቀዳዳ ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለካሁት፦ 22 ሚሊ። ስለዚህ በየጎኑ 20 ሚሊ የሚገባ ዘንግ መሥራት ይቻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 40 የበሩ፣ 14 የሁለቱ መቀመጫዎች፣ 40 የሁለቱ እጀታዎች፣ ድምሩ 94። 120 ሚሊ ዘንግ ገዝቼ በሰጌቶ ቆረጥኩት፣ ጫፉን በሞረድ አለሰለስኩት።

ረዘም ይሻላል ብላችሁ ግን አትተዉት። ዘንጉ ከልክ በላይ ከረዘመ የእጀታው ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ መቀመጫው በሩ ላይ አይተኛም፣ ብሎኖቹም ሲጎትቱት እየኖሩ ከእንጨቱ ይነቀላሉ።

ውፍረቱንም ለኩ። አብዛኛው የአውሮፓና የቻይና እጀታ 8 ሚሊ ነው፣ 7 ሚሊ የሆነም አለ፣ የፈረንሳይ ሥራ ላይ የተለመደ ነው። የ7 ዘንግ በ8 ቀዳዳ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወላገዳል። ለዚህ የሚሆን ቀጭን የብረት ማጥበቢያ ሽፋን ይሸጣል። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ዘንግ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ማስረዳት አይቻልም።

እውነተኛው ጥፋተኛ፦ መቀመጫው

አሁን የመጣንበት ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ያ ሠራተኛ አጥብቆ የሄደው ብሎን ለምን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወለቀ? በሩ ላይ ያለውን የመቀመጫ ላሜራ በእጄ ያዝ አድርጌ ወዘወዝኩት። ከላይ ተነስቶ ቁጭ ይላል። አራቱን ብሎኖች ስሞክራቸው ሁለቱ ያለ ማቋረጥ ይዞራሉ፣ አይጠብቁም። ቀዳዳቸው ሰፍቷል።

መቀመጫው ሲላላ እጀታው በተጫነ ቁጥር ዝንብል ይላል። ዘንጉ በእምብርቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ መዞር ሲገባው በሰያፍ ይታሻል። ብሎኗን ደግሞ በየቀኑ ግራ ቀኝ ያንቀጠቅጣታል። አጥብቃችሁም ትወጣለች። እኔ በበኩሌ «ብሎኗ ደጋግማ ትላላለች» ከተባልኩ መጀመሪያ የማየው መቀመጫውን ነው።

የመቀመጫው ዓይነት ሁለት ነው። አንዱ ረጅሙ ላሜራ ነው፣ ብሎኖቹ ከፊት ይታያሉ። ሌላው ክቡ ወይም አራት ማዕዘኑ ትንሽ ክዳን ነው፤ ብሎኖቹ ከክዳኑ ሥር ተደብቀዋል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ እዚያ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብታችሁ ፈልቀቅ አድርጉት። ቀለሙ እንዳይላጥ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሉት። አንዳንዱ ክዳን በክር የሚጠመዘዝ ስለሆነ መጀመሪያ በእጅ ለማዞር ሞክሩ።

የሰፋ ቀዳዳ እንዲህ ይሞላል። ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳው እስኪጠግብ ሦስት አራቱን አስገቡ። ከላዩ ላይ የተረፈውን ስበሩት። እስከ ማግሥቱ ይድረቅ። ቸኩላችሁ በዚያው ሰዓት ብታስሩት ስቴኪኒውን ብሎኑ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ሥራው ከንቱ ነው። ሲደርቅ በ2 ሚሊ መሰርሰሪያ መሃሉን ቀድማችሁ ብሎኑን በእጅ እሰሩት። በድሪል አታስሩ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ የሚመጣልን ሐሳብ «ረዘም ያለ ብሎን ልግዛ» የሚል ነው። በሩ ውስጥ ግን የቁልፍ ሣጥኑ አለ። ሣጥኑ 16 ሚሊ ገደማ ውፍረት ካለው በ40 ሚሊ በር ላይ ለእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው እንጨት 12 ሚሊ ነው። ከሣጥኑ ፊት ለፊት የሚገባ ብሎን ከዚያ ካለፈ ብረቱን ይገፋል፣ ውስጡን ይጨምቃል፣ ምላሱም አይመለስም። ከዚያ ሰውዬው «ቁልፉም ተበላሸ» ይላል። ከሣጥኑ በላይና በታች የሚገቡት ብሎኖች ግን ረዘም ቢሉ ችግር የለም። ሣጥኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን ረጅም ላሜራ እዩ፣ ሣጥኑ ከእሱ ትንሽ ያጥራል።

ስቴኪኒ የሚሠራው እንጨት ላይ ነው። በሩ ከቺፑድ የተሠራ ወይም ሆድ ዕቃው ባዶ የሆነ የኮምፔንሳቶ በር ከሆነ የሚይዘው ነገር የለም። እዚያ ያለው መፍትሔ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ የሚያልፍ ብሎን ነው፦ ሁለቱን መቀመጫዎች እርስ በርስ የሚያስር፣ በሩን መሃል አድርጎ እንደ ሳንድዊች የሚጨብጥ። ብዙ አዳዲስ የቁልፍ ሣጥኖች ከእምብርቱ ግራና ቀኝ ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ አላቸው። የእናንተ ከሌለው ከሣጥኑ በላይና በታች ቀድዳችሁ አሳልፉ። ሣጥኑን አትብሱት። የብረት በር ላይ ደግሞ ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ክሩ ቶሎ ይበላል፤ እዚያም ይኸው አሳልፎ ማሰር ነው የሚያዋጣው።

የእትዬ በር እንጨት ነበር፣ ስቴኪኒው በቃው። ማታውን ኮላው እንዲደርቅ እጀታ የሌለውን በር በገመድ ክፍት አስረን አደረ። እትዬ «መታጠቢያ ቤት ስገባ ምን ልሁን?» ብለውኝ ነበር። መጋረጃ አንጠለጠልንላቸው።

መልሶ መግጠም

በማግሥቱ መጀመሪያ መቀመጫዎቹን ብሎኖቻቸው ሳይጠብቁ በልቅ ያዝ አደረግናቸው። ዘንጉ በእምብርቱ በኩል አለፈ። እጀታዎቹ ገቡ። እጀታውን እያዞራችሁ የመቀመጫውን ትክክለኛ ቦታ ፈልጉ፤ ዘንጉ ያለ ምንም መታሸት የሚዞርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሳላችሁ ብሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ፣ አጥብቁ። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ መቀመጫው ይዞርባችኋል። ጭንቅላት የሌላት ብሎን የምትጠብቀው ከሁሉም በኋላ ነው።

በሩ ክፍት እንዳለ እጀታውን ሃያ ጊዜ ያህል ተጫኑ ልቀቁ፣ ምላሱን እያያችሁ። እጀታው በራሱ ወደ ላይ ካልተመለሰ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ጠብቀዋል፤ ሩብ ዙር ፈታ አድርጓቸው። ከተፈቱ በኋላም ተንጠልጥሎ ከቀረ እጀታውን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም ወገን ሞክሩ። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞላችሁ፣ ካቻቢቴው በእጁ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው በሩን መዝጋት።

እትዬ ከውጭ ቆሙልኝ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። «ተባረክ» አሉኝ፣ ቡና ተፈላ። የጠፋችውን ብሎን ከሱቅ በሌላ ተክተናት ነበር። ስኒዬን ሳነሳ ልጁ መጫወቻ መኪናውን ወለሉ ላይ እየነዳ መጣ። ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ገልብጬ አራገፍኩት፦ ብሎኗ።